የሰኔ ወለድ በሐምሌ ሲከፈል

ሰኔ ሲጋመስ የሂሳብ ሠራተኞች እረፍት ያጣሉ። ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እስከዚያው የዕቃ ቆጠራው፣ ደረሰኝ መሰብሰቡና የባንክ ስቴትመንት ማመሳከሩ ተደራርቦ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ግርግር መሀል ማንም ደረሰኝ ይዞ መጥቶ የማያስታውሰው አንድ ወጪ አለ። በሰኔ የተቆጠረ፣ የሚከፈለው ግን በሐምሌ የሆነ የባንክ ብድር ወለድ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዳማ ውስጥ ያለ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ የተቋቋመ ዳቦ ቤት የመጋገሪያ ማሽን ለመግዛት ከባንክ ተበድሯል እንበል። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ነው። ክፍያው በየወሩ፣ በፈረንጆቹ ወር በገባ በ20ኛው ቀን ከድርጅቱ ሂሳብ ይቆረጣል። የሰኔው ክፍያ ጁን 20፣ ማለትም ሰኔ 13 ተቆርጧል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ዋና ብድር 1,825,000 ብር ነው። ቀጣዩ ክፍያ ጁላይ 20 ወይም ሐምሌ 13 ይደርሳል። መጠኑ 64,000 ብር ነው።

ሰኔ 30 ማታ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የባንክ ስቴትመንቱን ቢያዩ ምንም የጎደለ አይታያቸውም። የሰኔው ተከፍሏል፤ የሐምሌው ገና ነው። ወጣቱ ሂሳብ ሠራተኛ ግን መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት 13,600 ብር የወለድ ወጪ ሊጨምር ይፈልጋል።

«እንዴ ልጄ፣ ገና ያልከፈልነውን ምኑን ነው ወጪ የምትለው?» ይሉታል ባለቤቷ።

«ብንከፍለውም ባንከፍለውም ተቆጥሮብናል፣ እትዬ» ይላቸዋል። «ከሰኔ 13 ወዲህ በባንኩ ብር አሥራ ሰባት ቀን ሠርተንበታል።»

የነገሩ መሠረት ይህችው አጭር መልስ ናት። ወለድ በመክፈያው ቀን ድንገት የሚወለድ ዕዳ አይደለም። የሰው ገንዘብ እጅ ውስጥ ባደረ ቁጥር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይቆጠራል፤ መክፈያው ቀን ሲደርስ የሚሆነው የተቆጠረውን ማስረከብ ብቻ ነው። ሰኔ ሙሉ የበራው መብራት ሂሳቡ ሐምሌ ላይ ቢመጣ፣ የሰኔ ዳቦ የተጋገረበት ወጪ መሆኑ እንደማይቀር ሁሉ የብድር ወለዱም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ መብራቱ ቢል ይመጣለታል፤ የተጠራቀመ ወለድ ግን ሂሳብ ሠራተኛው ራሱ ካላሰላው በወረቀት አይታይም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 1,825,000 ብር በ16 በመቶ ሲባዛ የዓመቱ ወለድ 292,000 ብር ይሆናል። ለ365 ቀናት ሲካፈል የአንድ ቀኑ 800 ብር ነው። ዳቦ ቤቱ ቢከፈትም ቢዘጋም፣ በዓል ቢሆንም እሑድ ቢሆንም፣ በየቀኑ 800 ብር ይቆጠርበታል። ከሰኔ 13 እስከ ሰኔ 30 ያሉት 17 ቀናት በ800 ሲባዙ 13,600 ብር ይመጣል።

አንዳንድ ውሎች ዓመቱን 365 ሳይሆን 360 ቀን አድርገው ይይዙታል። እንደዚያ ከሆነ የዕለቱ ወለድ ከ811 ብር በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ማካፈያውን ከመገመት የብድር ውሉን ገልጦ ማንበብ ይሻላል።

ቀን ሲቆጠር ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳርና ዳሩ ላይ ነው። ሰኔ 13ንም ሰኔ 30ንም የሚቆጥር ሰው 18 ቀን ያገኛል፤ ሁለቱንም የሚተው ደግሞ 16። የተለመደው አሠራር ክፍያ የተፈጸመበትን ቀን ትቶ የመዝጊያውን ቀን መቁጠር ነው። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የቀረውን ወገን መቁጠር ይበቃል። ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 13 አሥራ ሦስት ቀን ነው። 17 እና 13 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ከጁን 20 እስከ ጁላይ 20 ያለውም ልክ 30 ቀን ነው። ድምሩ 31 ወይም 29 ከመጣ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ወይም ተዘሏል፤ የዚህ ዳቦ ቤት አንድ ቀን ደግሞ 800 ብር ነው።

ሂሳብ ሠራተኛው ሰኔ 30 ላይ የሚያዘጋጀው ጆርናል ቫውቸር ሁለት መስመር ብቻ አለው። የወለድ ወጪ በ13,600 ብር ዴቢት ይደረጋል፤ ተከፋይ ወለድ የሚባለው የዕዳ ሂሳብ በዚያው መጠን ክሬዲት ይደረጋል። ከባንክ የወጣ ገንዘብ የለም፤ ቼክም አይጻፍም። ዋናው ብድርም አይነካም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም «ያው ለባንኩ የምንከፍለው ነው» በማለት 13,600 ብሩን በብድሩ ላይ ደምረው 1,838,600 ብር ብለው የሚመዘግቡ አሉ። በዚህ መንገድ የተያዘ መዝገብ ከባንኩ የመክፈያ ሰንጠረዥ ጋር ዳግመኛ አይገጥምም። ከዚያ በኋላ የሚያሰላው ሰው በመዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥር ከያዘ ደግሞ በወለዱ ላይ ወለድ ማስላት ይጀምራል፤ ባንኩ ያልጠየቀውን ማለት ነው።

ሐምሌ 13 ሲደርስ ባንኩ 64,000 ብሩን ይቆርጣል። ብዙ የጀማሪ መዝገቦች የሚበላሹት በዚህ ቀን ነው። ከባንክ የተሰጠው የመክፈያ ሰንጠረዥ በዚያ ቀን መስመር ላይ ሁለት ቁጥር ያሳያል፦ ወለድ 24,000፣ ዋና ብድር 40,000። 24,000 ብሩ የ30 ቀን ወለድ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ 800። ከእነዚህ ቀናት ውስጥ ግን አሥራ ሰባቱ ባለፈው ዓመት መዝገብ ላይ ወጪ ሆነው ተይዘዋል። ስለዚህ የ64,000 ብሩ ክፍያ ሦስት ቦታ ይከፈላል። 13,600 ብሩ የሰኔውን ተከፋይ ወለድ ይዘጋል፤ 10,400 ብሩ የአዲሱ ዓመት የወለድ ወጪ ይሆናል፤ 40,000 ብሩ ብድሩን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዋና ብድር 1,785,000 ብር ነው፤ የዕለቱ ወለድም ከ800 ወደ 782 ብር ከ47 ሳንቲም ይወርዳል።

አንዳንድ ሂሳብ ሠራተኞች ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። ሐምሌ 1 ጠዋት የሰኔ 30ን ቫውቸር ይገለብጡታል፤ ተከፋይ ወለዱ ይዘጋና የወለድ ወጪው በ13,600 ብር ክሬዲት ይጀምራል። ከዚያ ሐምሌ 13 ላይ ሳያስቡ 24,000ውን በሙሉ ወጪ ያደርጉታል፤ ከክሬዲቱ ጋር ሲጣጣ 10,400 ይቀራል። ፒችትሪን በመሰሉ ሶፍትዌሮች ቫውቸሩ ሲመዘገብ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ በራሱ እንዲገለበጥ ማዘዝ ይቻላል። የክፍያ ቫውቸር የሚሠራውና ዓመቱን የዘጋው ሰው የተለያዩ በሆኑበት ቢሮ ይህ መንገድ የተሻለ ነው። ከፋዩ ሰኔ ላይ ምን እንደተሠራ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ እንደ ወትሮው ሰንጠረዡን አይቶ ይከፍላል።

ችግሩ ሁለቱ መንገዶች ሲደባለቁ ነው። ሰኔ 30 ላይ 13,600 ብር ይያዛል፤ ሐምሌ 1 ላይ ማንም አይገለብጠውም፤ ሐምሌ 13 ላይ ደግሞ 24,000 ብር በሙሉ ወጪ ይደረጋል። ባንኩ የወሰደው ወለድ 24,000 ብር ሆኖ ሳለ በሁለቱ ዓመታት መዝገብ ላይ 37,600 ብር ወጪ ይታያል። ይህን ስህተት የባንክ ማመሳከሪያ አይዘውም፤ ከባንክ የወጣው ገንዘብ በትክክል ተመዝግቧልና። የሚያጋልጠው የተከፋይ ወለድ ሂሳቡ ነው። ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ይህ ሂሳብ ዜሮ መሆን ነበረበት፤ መስከረም ላይ ሌጀሩ ሲከፈት ግን ያቺው 13,600 እንዳለች ተቀምጣለች። ኅዳርም ታኅሣሥም ላይ ያንኑ ቁጥር የሚያሳይ የዕዳ ሂሳብ በተገኘ ቁጥር ወጪው ሁለት ጊዜ መያዙን መጠርጠር ነው። የመዝገብ ጤንነት ለማወቅ የሚቸኩል ሰው ከትርፍና ኪሳራው በፊት እንዲህ ያሉ ዝም ብለው የተቀመጡ ሂሳቦችን ቢያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

የውጭ ኦዲተር ሲመጣ ሌላ ግራ መጋባት ይፈጠራል። ኦዲተሩ ባንኩ የብድሩን መጠን በደብዳቤ እንዲያረጋግጥለት ይጠይቃል። መልሱ ሲመጣ 1,838,600 ብር ይላል፤ የዳቦ ቤቱ መዝገብ ግን 1,825,000። ልዩነቷን ለማግኘት አሮጌ ቫውቸር ማገላበጥ አያስፈልግም። ባንኩ እስከዚያ ቀን የቆጠረውን ወለድ ከዋናው ብድር ጋር ደምሮ ጽፏል፤ መዝገቡ ደግሞ ሁለቱን ለየብቻ ይዟል። ብድሩና ተከፋይ ወለዱ ሲደመሩ ከባንኩ ቁጥር ጋር ይገጥማሉ። ተከፋይ ወለዱን ጨርሶ ያልያዘ ድርጅት ግን በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ነገር የለውም።

ደብዳቤው ሌላም ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እዚህ ላይ የእኛ አገር አቆጣጠር የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ባንኮች ዓመታቸውን የሚዘጉት ጁን 30 ነው፤ ያ ቀን በእኛ ሰኔ 23 ነው። የዳቦ ቤቱ ዓመት የሚያልቀው ከሰባት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 7 ላይ ነው። ባንኩ በራሱ መዝጊያ ቀን የቆጠረው ወለድ የአሥር ቀን ብቻ፣ 8,000 ብር ይሆናል። ደብዳቤው በየትኛው ቀን ላይ እንደተመሠረተ ካልታየ የ5,600 ብር ልዩነት ያለ ምክንያት የተፈጠረ ይመስላል። ባንኩ ሲጠየቅ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ጳጉሜም አለች። መዝገቡን በየወሩ የሚዘጋ ድርጅት ወለዱን ለአሥራ ሁለት ወር እየከፋፈለ መያዝ ይቀለዋል፤ ሆኖም የእኛ ወር 30 ቀን ነው። የብድሩ መጠን ሳይቀንስ ዓመቱን ሙሉ 1,825,000 ቢሆን፣ ሠላሳ ቀን በ800 ብር እየተባለ በየወሩ 24,000 ብር ቢያዝ የአሥራ ሁለቱ ወር ድምር 288,000 ብር ነው። ባንኩ የሚጠይቀው 292,000። የጎደለችው 4,000 ብር የጳጉሜ አምስት ቀናት ወለድ ናት። ብዙ ድርጅቶች ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አጠቃለው ስለሚዘጉ የነሐሴው ወለድ የ35 ቀን፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ የ36 ቀን መሆን አለበት። ነሐሴን እንደ ሌሎቹ ወራት በ30 ቀን የሚያሰላ ሰው መስከረም ላይ ከሰንጠረዡ ጋር የማይገጥም ነገር ይገጥመውና ባንኩን ይጠረጥራል።

ባለቤቷ ወደሚያሳስባቸው ነገር ስንመለስ፣ ጥያቄያቸው ግብር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት እንደዚህ ያለ ማኅበር ገቢና ወጪውን የሚይዘው ገንዘብ እጅ በገባበትና በወጣበት ቀን ሳይሆን ገቢው በተገኘበትና ወጪው በተፈጠረበት ጊዜ ነው። የማኅበራት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ 13,600 ብሩ ካልተያዘ ትርፉ በዚያው ልክ አብጦ ይታያል፤ ዳቦ ቤቱም 4,080 ብር ግብር ጊዜው ሳይደርስ ይከፍላል። ገንዘቡ ጠፍቶ አይቀርም፤ ወጪው በሚቀጥለው ዓመት ስለሚያዝ ያኔ ይካካሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያዘናጋ ነገር አለ። በየዓመቱ ይህን ወለድ የሚረሳ ድርጅት ስህተቱ ብዙም አይሰማውም። ካለፈው ዓመት የተሻገሩት 17 ቀናት በዚህ ዓመት ይገባሉ፤ የዚህ ዓመቶቹ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ዓመቱ ሁልጊዜ የ365 ቀን ወለድ ይዞ ስለሚያልቅ ትርፉ ላይ የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው። ችግሩ የሚገለጠው ብድሩ በተወሰደበትና ተከፍሎ ባለቀበት ዓመት ነው። ብድሩ ግንቦት ላይ ከተወሰደ የመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስላሉት ከእነሱ ላይ 17 ቀን መጉደሉ ወጪውን በእጅጉ ያሳንሰዋል። ዕዳውም በየዓመቱ ሰኔ 30 ላይ በ13,600 ብር ያህል አንሶ ይታያል፤ ይህኛውን የሚያካክሰው ነገር የለም። ሌላ ብድር ሲጠየቅ የሂሳብ መግለጫውን የሚያነበው የባንክ ባለሙያ ብድር አይቶ ተከፋይ ወለድ ካላየ፣ መዝገቡ እንዴት እንደተያዘ ወዲያው ይገባዋል።

ክፍያ የዘገየበት ድርጅት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ያጋጥመዋል። ዳቦ ቤቱ የሐምሌውንም የነሐሴውንም ክፍያ ሳይከፍል ቢቀር ወለዱ መቆጠሩን አያቆምም፤ በውሉ ላይ የተጻፈው የመዘግየት ቅጣትም ይጨመርበታል። የመክፈያ ጊዜው ካለፈ 90 ቀን የሞላውን ብድር ባንኮች በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ከጤነኞቹ ብድሮች ለይተው ይይዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆጠረውን ወለድም በእጃቸው እስኪገባ ድረስ እንደ ገቢ አይዙትም። ይህን የሰሙ አንዳንድ ተበዳሪዎች ወለዱ የቆመላቸው ይመስላቸዋል። ባንኩ ያቆመው የራሱን ገቢ መመዝገብ ነው እንጂ ዕዳውን አልሰረዘም። ስለዚህ የተበዳሪው ተከፋይ ወለድ በየወሩ መጨረሻ እያደገ መመዝገብ አለበት፤ ባንኩ በጽሑፍ ካልማረው በስተቀር።

የወለድ መጠኑ ራሱ መሀል ላይ ሲቀየርም ስሌቱ ይለወጣል። ብዙ የብድር ውሎች ባንኩ ወለዱን እንዲያሻሽል ይፈቅዳሉ፤ ለውጡ በደብዳቤ ይመጣል፤ ደብዳቤውም ብዙ ጊዜ የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል እንጂ ሂሳብ ክፍል አይደርስም። ለዳቦ ቤቱ ከሰኔ 20 በኋላ ያለው ወለድ 17.5 በመቶ እንደሚሆን ተጽፎለታል እንበል። የዕለቱ ወለድ ከ800 ወደ 875 ብር ያድጋል። ሰኔ 30 ላይ የሚያዘው 17 ቀን በአንድ ቁጥር መባዛቱ ይቀርና ለሁለት ይሰነጠቃል፤ እስከ ሰኔ 20 ያሉት ሰባት ቀናት 5,600 ብር፣ የቀሩት አሥር ቀናት 8,750 ብር፣ በድምሩ 14,350። ደብዳቤውን ያላየ ሂሳብ ሠራተኛ 13,600 ጽፎ ዓመቱን ይዘጋል፤ ሐምሌ 13 ላይ ባንኩ የቆረጠው ወለድ ከ24,000 በልጦ 25,725 ብር ሲሆንበት ነው ነገሩ የሚታወቀው። ከትርፉ 1,725 ብር ውስጥ 975ቱ የሐምሌዎቹ አሥራ ሦስት ቀናት ድርሻ ስለሆነ የአዲሱ ዓመት ወጪ ነው፤ 750ው ግን የሰኔ ነው። ዓመቱ ከተዘጋ ግን ሪፖርቱ ገና ካልቀረበ የሰኔ 30 ቫውቸር በ750 ብር ሊስተካከል ይችላል።